«ናዝሬት»ን በ«አዳማ» መተካት፦ በቴሰራክት ወይስ በምስል ማመሳሰል?

አዳማ ውስጥ ያለ ድርጅት የቆዩ ቅጾቹ በስካን ብቻ ቀርተው፣ አድራሻው ላይ «ናዝሬት» የሚለውን በ«አዳማ» መለወጥ ፈለገ እንበል።

ቴሰራክት የተባለው ፕሮግራም በምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ የእያንዳንዱን ቃል ቦታ ይሰጣል፦

```
tesseract 01.png 01 -l amh tsv
```

በውጤቱ `left`፣ `top`፣ `width` እና `height` የቃሉን ሳጥን ያሳያሉ። የፊደሉ ዓይነትና መጠን ቢለያይም ይሠራል፤ ስካኑ ግን 300 ዲፒአይ ቢሆን ይመረጣል። ትልቁ አደጋ ዝም ብሎ ማለፉ ነው፦ ደብዛዛውን «ሬ» «ራ» ብሎ ካነበበ ቃሉ በፍለጋ አይገኝም። ስለዚህ በአንድ ፊደል የሚለዩትንም ፈልጉ። «በናዝሬት» እና «የናዝሬት» ሳጥናቸው ቅጥያውን ስለሚጨምር ሙሉ ቃሉ «በአዳማ»፣ «የአዳማ» ተብሎ ይተካ።

ምስል ማመሳሰል (በምስል ማቀነባበሪያው ኦፕንሲቪ `cv2.matchTemplate`) የተቆረጠ የ«ናዝሬት» ናሙና ይዞ ገጹን ይቃኛል። ማንበብ ስለማያስፈልገው የቋንቋ ፋይል አይፈልግም፤ ቅጥያውንም ሳይነካ ቃሉን ብቻ ያገኛል። ነገር ግን ገጹ ጥቂት ዲግሪ ካዘመመ ወይም የፊደሉ መጠን ከተለወጠ ይስታል። ለእያንዳንዱ መጠን ሌላ ናሙና ያስፈልጋል።

በሁለቱም ሳጥኑን በንጹሕ ነጭ አትሙሉ፤ ከዙሪያው የወረቀቱን ቀለም ውሰዱ፣ አለዚያ ጥገናው ይታያል። «አዳማ» አንድ ፊደል ስለሚያንስ ክፍተት ይተርፋል፤ ከግራ ጀምራችሁ ጻፉት እንጂ አትለጥጡት። እያንዳንዱን ለውጥ ሰው አይቶ ያጽድቅ።

አንድ ቅጽ በአንድ ማሽን ተባዝቶ ከሆነ ማመሳሰሉ ይፈጥናል። ከተለያየ ዘመንና ማተሚያ ለመጡ ገጾች ቴሰራክት ይሻላል።