የአይፒ አድራሻን አገር ለማወቅ፦ መዝገቡ ወይስ ዳታቤዙ?

ጣና ዳር እንግዳ ማረፊያ የምትሠራ ጓደኛዬ ደንግጣ ደወለችልኝ። «ኢሜይላችን ከሞሪሸስ ተከፍቷል ይላል!» ማስጠንቀቂያው ላይ ያለው የአይፒ ቁጥር በ197.156.80 ይጀምራል። የአፍሪካን ቁጥሮች የሚያድለውን መዝገብ፣ አፍሪኒክን፣ እንዲህ ጠየቅሁ፦

```
whois -h whois.afrinic.net 197.156.80.1
```

መልሱ `country: ET` ነው። ኢትዮጵያ!

ታዲያ ሞሪሸስ ከየት መጣች? የአፍሪኒክ ቢሮ ያለው እዚያ ነው። የአሜሪካውን መዝገብ ኤሪንን ስለዚሁ ቁጥር ብትጠይቁት፣ በ197 የሚጀምረው ሁሉ የአፍሪኒክ ነው ብሎ የሞሪሸስ አድራሻውን ይሰጣችኋል። የአይፒ ቁጥሮችን ከአገር ጋር የሚያዛምድ ዳታቤዝ እዚያ ላይ ካቆመ የባሕር ዳርን ሰው ሞሪሸስ ያስቀምጠዋል።

መዝገቡም ግን ገደብ አለው። የሚናገረው ቁጥሩ ለማን እንደተሰጠ እንጂ መሣሪያው የት እንዳለ አይደለም። ባለቤቱ ቁጥሩን ሌላ አገር ወስዶ ቢጠቀምበት ያቺ የ`country` መስመር ላትቀየር ትችላለች። እዚህ ላይ ጥሩ ዳታቤዝ ይሻላል፤ የመልእክቱን የምልልስ ጊዜና ከስልኮች የሚገኝ የቦታ መረጃ ስለሚጨምርበት። ቢሆንም ግምት ነው፤ ካልታደሰ ደግሞ የድሮውን ቦታ ይዞ ይቀራል።

ከተማን በተመለከተ ሁለቱንም አላምንም። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኞች አንድ ቁጥር ይጋራሉ፤ መውጫው ሌላ ከተማ ከሆነ ባሕር ዳር ተቀምጣችሁ አዲስ አበባ ናችሁ ትባላላችሁ።

እኔ ለአገር መጀመሪያ መዝገቡን እጠይቃለሁ። ጓደኛዬን ግን ሰዓቱንና የስልኩን ዓይነት እንድታይ ነገርኳት። የሥራ ባልደረባዋ ስልክ ሆኖ ተገኘ።