ፊት ሳይነካ መነጽርና ፀጉር ለመሞከር የትኛው ይሻላል? የሦስት መንገዶች ንጽጽር

እናቴ አዲስ መነጽር ልትገዛ ነበር። ሱቅ ለሱቅ እንዳትንከራተት ብዬ ፎቶዋን አንድ የስልክ አፕ ላይ ጫንኩት። «ቡናማ ፍሬም ያለው መነጽር አድርግላት» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መነጽር ያደረገች ሴት መጣች። ለእናቴ ሳሳያት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና «ይቺ ደግሞ ማናት? መስቀሌስ የት ሄደ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት የለም። የጉንጯ መስመሮች ጠፍተዋል፣ ቆዳዋም ፈካ ብሏል። መነጽሩ ያምራል፤ ያማረው ግን በሌላ ሴት ፊት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን ሞከርኩ። በጥቅሉ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው እኔ ያደረግኩት ነው፤ ፎቶ ሰጥቶ በጽሑፍ ማዘዝ። ጀሚናይና ቻትጂፒቲም እንዲህ ይሠራሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ፎቶው ላይ መነጽር አይለጥፉም። ፎቶውን አይተው ሙሉውን እንደገና ይሥሉታል። ስለዚህ ያልጠየቃችሁት አፍንጫና ከንፈርም አብሮ ይሣላል። አዳዲሶቹ መልክን በመጠበቅ ከድሮዎቹ በጣም ይሻላሉ፤ ያም ሆኖ የምታዩት ፊት የተሣለ ፊት ነው። መጀመሪያ የሚጠፉት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፦ ማርያም የሳመችው፣ ጠባሳ፣ ፍንጭት ጥርስ፣ ንቅሳት። አንዳንዶቹ የምትፈልጉትን ቦታ በብሩሽ እንድትቀቡ ይፈቅዳሉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ብሩሹ ለአንዳንዱ አፕ አጥር ሳይሆን ጥቆማ ብቻ ነው፤ ከተቀባው ውጭም ይነካካል። ይህን መንገድ «ክብ ይሻለኛል ወይስ አራት ማዕዘን?» ለሚለው የመጀመሪያ ሐሳብ እጠቀምበታለሁ። ከዚያ አያልፍም።

ሁለተኛው ላይቭ ካሜራ ነው። ስልኩን እንደ መስታወት ትይዛላችሁ፣ መነጽሩ ፊታችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ጭንቅላት ስታዞሩ አብሮ ይዞራል። የጎን ገጽታን የሚያሳያችሁ ይህ ብቻ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የመነጽር ሻጩ ዋርቢ ፓርከር በ2019 በአፑ ውስጥ ያስገባውን ታውቁት ይሆናል፤ ሲጀምር የአይፎን ኤክስንና ከዚያ በኋላ የመጡትን ስልኮች የፊት ጥልቀት መለኪያ ካሜራ ተጠቅሞ ነበር። እንዲህ ያለ መለኪያ በሌለው ስልክ ግን አፑ የፊታችሁን ስፋት የሚያውቀው በግምት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ማንኛውንም ፍሬም ፊታችሁን እንዲያህል አድርጎ ይለጥጠዋል። ለመለየት ቀላል ነው። ጠባብ የልጅ ፍሬምና ሰፊ የአዋቂ ፍሬም ተራ በተራ ምረጡ። ሁለቱም እኩል ከተቀመጡ መጠኑን አትመኑት። ሌላው ጉድለት የሚያሳያችሁ የራሱን ሱቅ ዕቃ ብቻ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው በሌየር መሥራት ነው። ዋናው ፎቶ ከታች ሳይነካ ይቀመጣል፣ አዲሱ ነገር ብቻ ከላይ ይመጣል። ፎቶሾፕ ይህን ይሠራል፤ በብራውዘር የሚከፈተው Photopea ደግሞ በነፃ ይሠራል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ለእናቴ የሠራልኝ ይህ ነው። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ።

ፎቶውን ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቄ፣ ትንሽ ዙም አድርጌ አነሣኋት። በጣም የቀረበ ሴልፊ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ፊትን ያጠብባል። አንዱን ፎቶ ሳነሣት የኤቲኤም ካርድ ግንባሯ ላይ እንድትይዝ አደረግኩ። የባንክ ካርድ ወርድ የትም አገር 85.6 ሚሊሜትር ነው። ፎቶው ላይ ካርዱ 428 ፒክስል መጣ፤ ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር 5 ፒክስል ነው። ቀጥሎ የመነጽሩን ዘንግ የውስጥ ጎን አየሁ። 52□18-140 ይላል። 52 የአንዱ ሌንስ ወርድ፣ 18 በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው፣ 140 የዘንጉ ርዝመት ነው። ከሌንስ ጫፍ እስከ ሌንስ ጫፍ 52 እና 18 እና 52 ሲደመሩ 122 ሚሊሜትር ነው፤ በፎቶው 610 ፒክስል። ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ያነሣሁትን ፍሬም ቆርጬ በዚያው ልክ አስቀመጥኩት። ከሥሩ ለስላሳና ቀጭን ጥላ ጨመርኩ፤ ያለ ጥላ እንደ ስቲከር ተንሳፎ ይታያል።

ይህንኑ ፎቶ ለመጀመሪያው አፕ ሰጥቼ የሣለውን መነጽር በዚሁ መለኪያ ስለካው 545 ፒክስል ሆነ። 109 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለእናቴ ፊት ጠባብ ነው፤ እንዳይታወቅ ያደረገው ፊቷንም ስላጠበበው ነው።

ለመነጽር ፎቶሾፕ ውስጥ ያለውን፣ የመረጣችሁትን ቦታ በኤአይ የሚሞላውን Generative Fill እንኳ አልመርጥም። መነጽር የሚያርፍበትን ቦታ ስትመርጡ ዓይን እዚያው ውስጥ ይገባል፤ ዓይኑም አብሮ ይሣላል። የሰው መልክ ደግሞ ከሁሉም በላይ ዓይኑ ላይ ነው። ቆርጦ መለጠፍ ይሻላል።

ለፀጉር ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአንዱን ሰው ፀጉር ቆርጣችሁ ሌላው ላይ ብትለጥፉ ከግንባር ጋር አይገጥምም። እዚህ Generative Fill ይረዳል፤ የመረጣችሁትን ቦታ ብቻ ሞልቶ በተለየ ሌየር ስለሚያስቀምጠው ቅንድብና ዓይን እንደነበሩ ይቀራሉ። ስትመርጡ የሚጠፋውን ፀጉር በሙሉ አስገቡ፣ አለዚያ የድሮው ጫፍ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ግንባር ላይ ደግሞ ግማሽ ጣት ያህል ቆዳ ጨምሩ፣ አዲሱ ፀጉር ከቆዳው ጋር እንዲዋሃድ። አጭሩን ወደ ረጅም መቀየር ቀላል ነው። ረጅሙን ወደ አጭር ስትቀይሩ ግን ፀጉር ሸፍኖት የነበረ ጆሮና አንገት ከግምት ይሣላል። እህቴ አጭር ቁርጥ ስትሞክር የመጣላት ጆሮ የሷ አልነበረም።

ሹሩባ ላይ ሁሉም ይቸገራሉ። ለእህቴ የመጣው ግንባሯ ላይ ሰባት መስመር ሆኖ ይጀምርና መሃል ላይ ሁለቱ ተዋህደው አምስት ወይም ስድስት ይሆናል። ለሹሩባ ሠሪዋ ስታሳያት መስመሩን በጣቷ ተከትላ «ይሄኛው የት ገባ?» ብላ ጠየቀቻት። ስለዚህ የፎቶውን ሹሩባ ለአቅጣጫና ለውፍረት እንጂ ለአሠራሩ አትውሰዱት።

እንግዲህ መነጽር የምትገዙ ከሆነ፣ የሱቁ አፕ ከላይ ያልኩትን የፍሬም ፈተና ካለፈ ላይቭ ካሜራው ይበቃችኋል። ካላለፈ፣ ወይም ዕቃው ከሠፈር ሱቅ ከሆነ፣ ካርድና Photopea። ለፀጉር ክፍያ የምከፍለው ብሩሹ አጥር ለሆነበት መሣሪያ ብቻ ነው።

አጥር መሆኑን በነፃ ሙከራው ጊዜ አረጋግጡ። ዋናውን ፎቶ Photopea ላይ ክፈቱ፣ የተቀየረውን በላዩ አስቀምጡ፣ የላይኛውን ሌየር ብሌንድ ሞድ ከNormal ወደ Difference ቀይሩት። ያልተነካ ቦታ ጥቁር ይሆናል። ፋይሉ ሲታመቅ የሚመጣ የተበታተነ ደብዛዛ ነጠብጣብ ችግር የለውም። የዓይን፣ የአፍንጫና የአፍ ቅርፅ እንደ መስመር ጎልቶ ከታየ ግን ፊቱ ተነክቷል። አፑ ፎቶውን አሳንሶ መልሶት ከሆነ ከመመዘናችሁ በፊት መጠኑን አስተካክሉ። የእናቴን የመጀመሪያ ፎቶ እንዲህ ሳየው ጥቁር የነበረው ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ግንባሯ መሃል ደግሞ መስቀሉ ብርሃን ሆኖ ወጥቷል።