ንጹህ ዋጋ ወይስ ሙሉ ዋጋ፦ በሁለት የኩፖን ቀኖች መካከል ቦንድ ለሚገዛ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ደሴ ሰኞ ገበያ እህል የሚነግዱ አንድ ሰው 500,000 ብር ቆጥበው ቦንድ ሊገዙበት አሰቡ እንበል። ቦንዱ አዲስ የወጣ ሳይሆን ሌላ ሰው ገዝቶ የያዘው ነው። በላዩ ላይ የተጻፈው ዋጋ 100,000 ብር፣ ዓመታዊ ወለዱ 12 በመቶ ሲሆን፣ ኩፖን የሚባለው ይህ ወለድ በየዓመቱ ሐምሌ 1 እና ጥር 1 ቀን 6,000 ብር፣ 6,000 ብር ሆኖ ይከፈላል። ነጋዴው ገንዘቡን ከፍለው ቦንዱን የሚረከቡት ኅዳር 1 ቀን ነው። አንደኛው ሻጭ «በ98,500 ብር እሸጥልዎታለሁ» አላቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለዚያው ዓይነት ቦንድ «102,000 ብር ከፍለው ይውሰዱ» አላቸው። ላይ ላዩን ሲታይ የመጀመሪያው በ3,500 ብር ይረክሳል። በእርግጥ ግን የሚረክሰው ሁለተኛው ነው፤ ይህ ንጽጽር የተጻፈውም ይህ ለምን እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

ነገሩን ከቦንድ ይልቅ በቤት ኪራይ መረዳት ይቀላል። ኮምቦልቻ ውስጥ የተከራየ ሱቅ ያለው ሰው ተከራዩ ኪራዩን የሚከፍለው በየስድስት ወሩ መጨረሻ ላይ ነው ብለን እናስብ። ባለቤቱ ሱቁን በአራተኛው ወር ላይ ቢሸጠው የስድስት ወሩን ኪራይ በሙሉ የሚቀበለው አዲሱ ገዢ ነው፤ የአራቱ ወር ኪራይ ግን ሱቁ በሻጩ እጅ ሳለ የተገኘ ስለሆነ፣ ሻጩ «የእኔን ድርሻ አሁን ስጠኝ፣ አንተ ኋላ ከተከራዩ ትቀበላለህ» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ቦንድም እንዲሁ ነው። ካለፈው የኩፖን ቀን እስከ ርክክቡ ቀን ድረስ የተገኘው ወለድ የተጠራቀመ ወለድ ይባላል፤ ገዢው ለሻጩ አስቀድሞ ይከፍለውና በሚቀጥለው የኩፖን ቀን ከቦንዱ አውጪ መልሶ ያገኘዋል። ይህ ወለድ ያልገባበት ዋጋ ንጹህ ዋጋ ወይም ክሊን ፕራይስ ነው። የገባበት ደግሞ በገበያው ሰዎች አነጋገር ደርቲ ፕራይስ ይባላል፤ እኔ ግን ስሙ ነውር ያለበት ስለሚያስመስለው ሙሉ ዋጋ እለዋለሁ።

አሁን ወደ ነጋዴው ስሌት እንመለስ። ከሐምሌ 1 እስከ ኅዳር 1 ስንት ቀን አለ? ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረምና ጥቅምት 120 ቀን ናቸው፤ በመካከል ያለችው ጳጉሜ 5 ቀን ከሆነች ድምሩ 125 ይሆናል። የኩፖኑ ዘመን በሙሉ፣ ማለትም ከሐምሌ 1 እስከ ጥር 1፣ 185 ቀን ነው። አቆጣጠሩ የመጀመሪያውን ቀን ይጨምራል፣ የርክክቡን ቀን ግን አይጨምርም። ስለዚህ የተጠራቀመው ወለድ እንዲህ ይሰላል፦

```
6,000 × 125 ÷ 185 = 4,054.05
```

የመጀመሪያው ሻጭ የጠራው 98,500 ብር ንጹህ ዋጋ ስለነበረ በርክክቡ ቀን የሚከፈለው 102,554.05 ብር ነው። ሁለተኛው የጠራው 102,000 ብር ግን ሙሉ ዋጋ ነበር፤ ከዚያ ላይ የተጠራቀመው ወለድ ሲቀነስ ንጹህ ዋጋው 97,945.95 ብር ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህን ይመስላሉ፦

| | አንደኛው ሻጭ | ሁለተኛው ሻጭ |
|---|---|---|
| የተጠራው ዋጋ | 98,500.00 | 102,000.00 |
| ንጹህ ዋጋ | 98,500.00 | 97,945.95 |
| የተጠራቀመ ወለድ | 4,054.05 | 4,054.05 |
| ሙሉ ዋጋ | 102,554.05 | 102,000.00 |

በሠንጠረዡ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። የተጠራቀመው ወለድ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ የሚወሰነው በቦንዱ ውልና በርክክቡ ቀን እንጂ በድርድር አይደለምና። ድርድር የሚደረገው በንጹሁ ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ከዚህ የሚገኘው ማጣሪያ ለገዢ እጅግ ጠቃሚ ነው፦ ሁለት ሻጮች ለአንድ ዓይነት ቦንድ፣ ለአንድ የርክክብ ቀን፣ የተለያየ የተጠራቀመ ወለድ ካቀረቡ ከሁለቱ አንዱ ቀን አሳስቷል ማለት ነው። የስህተቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ የቀን አቆጣጠር ነው። በምሳሌያችን ጳጉሜን ረስቶ እያንዳንዱን ወር 30 ቀን ብቻ አድርጎ የቆጠረ ሰው 6,000 ብርን በ120 አባዝቶ ለ180 ሲያካፍል 4,000 ብር ያገኛል። ዓመቱን 365 ቀን አድርጎ 12,000 ብርን በ125 ቀን አባዝቶ ለ365 ያካፈለ ሰው ደግሞ 4,109.59 ብር ላይ ይደርሳል። ሦስቱም አቆጣጠሮች በዓለም ገበያ የየራሳቸው ዘመድ አላቸው፤ የአሜሪካ መንግሥት የግምጃ ቤት ቦንዶች ትክክለኛውን ቀን በትክክለኛው የኩፖን ዘመን ሲያካፍሉ፣ የዚያው አገር የኩባንያ ቦንዶች በአብዛኛው ወሩን 30፣ ዓመቱን 360 ቀን አድርገው ይቆጥራሉ። ስለዚህ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የቦንዱ ውል የሚለው ብቻ ነው። በውሉ ላይ ቀኖቹ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፉም አብሮ መታየት አለበት፤ በእኛ ጥር 1 እና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን የበርካታ ቀን ወለድ ያዛባልና።

ታዲያ ገዢ የትኛውን ዋጋ ይመልከት? እንደ እኔ ፍርድ ሁለቱ ዋጋዎች ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ስለሚሰጡ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም አደገኛ ነው።

«ቦንዱ ውድ ነው ወይስ ርካሽ?» የሚለውን የሚመልሰው ንጹሁ ዋጋ ነው። ምክንያቱን ለማየት ቦንዱን ለስድስት ወር እንከተለው። የወለድ ገበያው ምንም ባይለወጥና ንጹሁ ዋጋ 98,500 ብር ላይ ቢቆይ እንኳ ሙሉ ዋጋው በየቀኑ 32.43 ብር ያህል ይጨምራል፤ በታኅሣሥ 30 ቀን 104,467 ብር አካባቢ ይደርስና ጥር 1 ቀን ኩፖኑ ሲከፈል ወደ 98,500 ብር ይወርዳል። ሙሉ ዋጋውን ብቻ የሚከታተል ሰው ይህን ሲያይ ቦንዱ በአንድ ሌሊት ስድስት ሺህ ብር ገደማ የወደቀ ይመስለዋል፤ የሆነው ግን የተጠራቀመው ወለድ ለባለቤቱ መከፈሉ ብቻ ነው። በተቃራኒው፣ የነጋዴያችን ሙሉ ዋጋ ከ100,000 ብር በላይ ስለሆነ ቦንዱን ከተጻፈበት ዋጋ አስበልጠው የገዙ ይመስላቸዋል፤ ንጹሁ ዋጋ እንደሚያሳየው ግን የገዙት በቅናሽ ነው። የኩፖን ቀናቸው የተለያየ ሁለት ቦንዶችን ለማነጻጸርም ከንጹሁ ዋጋ መነሳት ያስፈልጋል፤ አንዱ ትናንት ወለድ የከፈለ፣ ሌላው ነገ የሚከፍል ሊሆን ይችላልና።

«ስንት ብር ይዤ ልቅረብ?» የሚለውን የሚመልሰው ግን ሙሉ ዋጋው ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው በ98,500 ብር ሂሳብ አምስት ቦንድ ቢያዙ 492,500 ብር ወጥቶ 7,500 ብር የሚተርፋቸው ይመስላቸዋል። በርክክቡ ቀን የሚጠየቁት ግን 512,770.25 ብር ነው፤ ኮሚሽኑ ሳይታሰብ 12,770.25 ብር ይጎድላቸዋል ማለት ነው። የታዘዘው ግዢ ገንዘብ ሳይሟላለት ቢቀር የሚከተለው ጣጣ በገዢው ላይ ስለሚወድቅ፣ በዚህ ገንዘብ መግዛት የሚችሉት አራት ብቻ መሆኑን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ወለዱ የሚቆጠረው እስከ ርክክቡ ቀን እንጂ ስምምነቱ እስከተደረገበት ቀን አለመሆኑንም መዘንጋት የለባቸውም። በስልክ ከተስማሙ በኋላ ርክክቡ ሁለት ቀን ቢዘገይ በእያንዳንዱ ቦንድ ላይ 64.86 ብር ይጨመራል፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ተመልሶም በኩፖኑ ውስጥ ይገኛል።

ትርፍን ለማስላትም የሚያገለግለው ሙሉ ዋጋው ነው፤ ከኪስ የወጣው እሱ ነውና። ጥር 1 ቀን 6,000 ብር ሲመጣ «98,500 ብር በ60 ቀን 6,000 ብር ወለደልኝ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ከዚያ ውስጥ 4,054.05 ብር ነጋዴው ኅዳር ላይ ለሻጩ ያበደሩት የራሳቸው ገንዘብ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ያገኙት ወለድ 1,945.95 ብር ብቻ ነው። በሂሳብ መዝገብ ላይም ሙሉውን 6,000 ብር ገቢ አድርጎ መጻፍ ስህተት ይሆናል። ግብር ከኩፖኑ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ የሻጩ ድርሻ ግብር በገዢው ላይ እንዳያርፍ ከመፈረም በፊት መነጋገር ይገባል።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነዶች ኩፖን የሌላቸውና በቅናሽ የሚሸጡ ስለሆኑ፣ በእነሱ ዘንድ በንጹህና በሙሉ ዋጋ መካከል ልዩነት የለም። የኩፖኑ ተቀባዮች ስም ከተመዘገበበት ቀን በኋላ የሚገዛ ቦንድም የተለየ ነው፤ መጪውን ኩፖን የሚወስደው ሻጩ ስለሆነ ስሌቱ ይገለበጥና ሙሉ ዋጋው ከንጹሁ ያንሳል። ሦስተኛው፣ ወለዱን መክፈል ያቆመ ቦንድ ነው። ኢትዮጵያ በ2014 በፈረንጆች አቆጣጠር የሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ወለዱ 6.625 በመቶ ሲሆን፣ በዲሴምበር 2023 ሊከፈል የሚገባው 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኩፖን ሳይከፈል ቀርቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የገበያው ልማድ የተጠራቀመ ወለድ ለብቻ አለመጨመር ነው፤ የሚጠራው ዋጋ ውዝፉን የመቀበል መብት ሁሉ ያጠቃልላል። ውዝፉ መከፈሉ በማይታወቅ ቦንድ ላይ ሻጭ የተጠራቀመ ወለድ ጨምሮ ከጠየቀ ገዢው እጁን ሰብሰብ ማድረግ አለበት።

ለነጋዴው የምመክረው ከሁለቱም ሻጮች አምስት ነገሮችን በጽሑፍ እንዲቀበሉ ነው፦ ንጹህ ዋጋ፣ የተጠራቀመ ወለድ፣ የተቆጠሩት ቀኖች፣ የርክክቡ ቀን፣ እንዲሁም ኮሚሽኑ የሚታሰበው በየትኛው ዋጋ ላይ እንደሆነ። በተጠቀሱት ቁጥሮች መሠረት ከሁለተኛው ሻጭ ቢገዙ በእያንዳንዱ ቦንድ 554.05 ብር፣ በአራቱ ደግሞ 2,216.20 ብር ያተርፋሉ፤ ከ500,000 ብራቸውም 92,000 ብር በእጃቸው ይቀራል።