ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥላ፣ ጭጋግና ውሃ ሲነጻጸሩ

ጌሙ መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የግራፊክስ ካርድ መቀየርን ነው። ሴቲንጉን ከፍቶ ማየት ግን ምንም አያስከፍልም። እዚያ ውስጥ ካርዱን የሚያደክሙ፣ ዓይን ግን ልብ የማይላቸው አማራጮች አሉ። ዛሬ የማነጻጽራቸው እነሱን ነው፤ ለምሳሌነትም ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ወስጃለሁ።

ጌሙ ለኮምፒውተር የወጣው በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ነው። የግራፊክስ ሜኑው ከ30 በላይ አማራጮች አሉት። በጊዜው ውድ ካርድ የነበራቸው ሰዎች እንኳ ሁሉን ነገር አልትራ ላይ አድርገው ሲያማርሩ ነበር። ኤክስቦክስ ዋን ኤክስ ግን ያንኑ ጌም በ4ኬ ያጫውት ነበር፤ ብዙዎቹ ሴቲንጎቹም በኮምፒውተሩ ሜኑ ሎው ወይም ሚዲየም ከሚባለው ጋር የሚስተካከሉ ነበሩ። ያንን ምስል አይቶ አስቀያሚ ነው ያለ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ ስለ አለካኩ። ኤፍፒኤስ፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ቁጥር፣ ብቻውን ያሳስታል፤ ሚሊሰከንድ ይሻላል። 45 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ምስል 22.2 ሚሊሰከንድ ፈጀ ማለት ነው። 60 ለመድረስ ወደ 16.7 መውረድ አለበት። ስለዚህ የምትፈልጉት 5.5 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከየት ከየት ታገኙታላችሁ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ከጭጋግ እንጀምር፤ ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። የፀሐይ ጨረር በቅጠል መሃል ሲወርድ፣ ወይም ፋኖስ በጉም ውስጥ ሲያበራ የምታዩት ነገር ቀለም ብቻ አይደለም። ጌሙ ከፊታችሁ ያለውን አየር በትናንሽ ሳጥኖች ይከፋፍለውና ለእያንዳንዱ ሳጥን ምን ያህል ብርሃን እንደሚደርሰው ያሰላል። ብዙ ጌሞች በሚሠሩበት በአንሪል ኤንጂን፣ ሃይ ላይ አንዱ ሳጥን በስክሪኑ 16 በ16 ፒክስል ይይዛል፤ ወደ ጥልቀት ደግሞ 64 ንብርብር አለ። ከሃይ በላይ ባለው ኤፒክ ላይ 8 በ8 ፒክስልና 128 ንብርብር ይሆናል። በ1080ፒ ስክሪን ይህ ከግማሽ ሚሊዮን ሳጥን ወደ 4.1 ሚሊዮን መዝለል ነው። በሦስት አቅጣጫ እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ይመጣል። የኤንጂኑ መመሪያ ራሱ ኤፒክ በጂቲኤክስ 970 ካርድ ላይ 3 ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ ይናገራል። ቅድም ከፈለግነው 5.5 ውስጥ ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

ጭጋግ ደግሞ በተፈጥሮው ብዥ ያለ ነገር ነው። ጠርዝ የለውም። ስምንት እጥፍ ቢሰላም የሚጨምረው ዝርዝር የሚታይበት ቦታ የለም። በሬድ ዴድ 2 ውስጥ Near Volumetric Resolution፣ Far Volumetric Resolution እና Volumetric Lighting Quality የሚሉትን ሚዲየም ላይ አድርጉ፤ Unlocked Volumetric Raymarch Resolution የሚለውን ደግሞ አጥፉት። የላቁት አማራጮች ተቆልፈው ካገኛችኋቸው መጀመሪያ ክፈቷቸው። ከዚያ በማለዳ ጉም በጌሙ ውስጥ ወዳለው ባዩ ንዋ ረግረግ ሂዱና ፋኖስ ይዛችሁ ተራመዱ። ቆማችሁ ስክሪንሾት ብታወዳድሩ ብዙ አትማሩም። ሴቲንጉ ከሚገባው በላይ ከወረደ የሚያጋልጠው እንቅስቃሴ ነው፤ በብርሃኑ ዙሪያ ያለው ጉም መርገብገብ ወይም ከኋላችሁ መጎተት ይጀምራል። ያንን ካያችሁ አንድ ደረጃ መልሱት። ካላያችሁ ተዉት።

ጥላ ለየት ይላል። እዚህ ላይ "ሎው አድርገህ ተገላገል" የሚለውን ምክር አልቀበልም። ጌሙ ጥላ ለመሥራት ዓለሙን በፀሐይ ዓይን እንደገና ይሥለዋል። ይህ ሥዕል ከ2048 ወደ 4096 ካደገ ነጥቦቹ አራት እጥፍ ይሆናሉ። አልትራንና ሃይን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ልዩነቱን ለማግኘት አጥር ሥር መንበርከክ አለባችሁ። ሎው ላይ ግን የጥላው ጠርዝ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል፤ ፈረሱ ሲጋልብም ይንቀጠቀጣል። ይህ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥላ ሃይ ወይም ሚዲየም፣ Grass Shadows ደግሞ ዝቅ ይበል። የሣር ጥላ ሲጋልቡ ማን ያያል?

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአንሪል በተሠሩ ብዙ ጌሞች የጭጋጉ ጥራት የተቀመጠው በጥላው ሴቲንግ ሥር ነው። ጥላን ከኤፒክ ወደ ሃይ ስታወርዱ ፍሬሙ በጣም ካደገ፣ ያዳናችሁት ጥላው ሳይሆን ጭጋጉ ሊሆን ይችላል።

ስለ ውሃ አጭር ነው። Water Physics Quality የሚባል ተንሸራታች አለ፤ መሃል ላይ አቁሙት። ወንዝ ዳር ካልሆናችሁ ትርፉን አታዩትም፤ ወንዝ ዳር ስትሆኑም ጫፉ ላይ ያለው ልዩነት ለወጪው አይመጥንም። ከሁሉም የሚብሰው ግን MSAA የሚባለው የጠርዝ ማለስለሻ ነው። ይህ ጌም ጠርዝ የሚያለሰልስበት TAA አለው፤ በላዩ ላይ MSAA መጨመር ካርዱን በከንቱ ማንደድ ነው። Tree Tessellationንም አጥፉ፤ የሚሠራው የዛፍ ግንድ ማድቦልቦል ብቻ ነው።

አሁን ወደማይነካው። ብዙ ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያወርደው Texture Qualityን ነው፤ ይህ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቴክስቸር፣ ማለትም በነገሮች ላይ የሚለበጠው ምስል፣ የካርዱን ፍጥነት ብዙም አይበላም፤ የሚበላው ሜሞሪውን ነው። በሬድ ዴድ 2 ከአልትራ ወደ ሃይ ስታወርዱት መሬቱና ልብሱ ሲደበዝዝ በግልጽ ይታያል፤ የሚገኘው ፍሬም ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሜሞሪው ከበቃ አልትራ ላይ ተዉት። ካልበቃ ግን ምልክቱ ሌላ ነው፤ አማካይ ፍሬሙ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ዘወር ባላችሁ ቁጥር ጌሙ ድንገት ቀጥ ይልና ይቀጥላል።

ያገለገለ ካርድ ለመግዛት የምትዞሩ ሰዎች ይህን ያዙ። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋም ባለ 6 ጊጋም ሆኖ ተሽጧል። ስማቸው አንድ ነው እንጂ ካርዱ አንድ አይደለም፤ ባለ 3ቱ በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን በኮርም ያንሳል፦ 1152 በ1280። አርኤክስ 580ም ባለ 4ና ባለ 8 ጊጋ አለው። ጥላና ጭጋግ በሜኑ ይስተካከላሉ፤ ሜሞሪ ግን ከገዛችሁ በኋላ አይጨመርም። ስለዚህ ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ሜሞሪው የሚበልጠውን ውሰዱ። ሻጩ "1060 ነው" ካላችሁ ስንት ጊጋ እንደሆነ ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ እዩ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ችግሩ ካርዱ ላይ ከሆነ ነው። ሬዞሉሽኑን ለጊዜው በጣም አውርዱና በጌሙ ውስጥ ባለችው ሴንት ዴኒስ ከተማ መሃል ቁሙ። ፍሬሙ ከፍ ካለ ካርዱ ነው፤ ከላይ ያልኩት ይጠቅማችኋል። ንቅንቅ ካላለና የካርዱ አጠቃቀም 60 በመቶ አካባቢ ከቀረ ግን የሚያንቃችሁ ፕሮሰሰሩ ነው። ያኔ ጭጋግ ብታወርዱም፣ አዲስ ካርድ ብትገዙም ያው ነው።