የቴሌግራም ፖስት ሲጠፋ ወይ ሲስተካከል ካላንደሩ እንዴት ይወቅ፦ ቦት ወይስ ቴሌቶን?

የአንድ ልብስ ሱቅ ቻናል ነው የምሰራው፣ የትኛው ፖስት መቼ እንደሚወጣ የምይዝበት ካላንደር ሺት ላይ ነው፣ እና አንድ ቀን 412 ቁጥር ፖስት «ተለጥፏል» ይላል ግን ቻናሉ ላይ የለም፣ ባለቤትየው በስልኩ አጥፍቶታል 😅 413 ላይ ደሞ ዋጋውን ከ1200 ወደ 1500 ቀይሮታል።

ቦቱን አድሚን ካደረጋችሁት ኤዲት ሲደረግ `edited_channel_post` ወዲያው ይልክላችኋል፣ አዲሱን ጽሁፍ ጭምር፣ 413ን በሱ ያዝኩት። ችግሩ ፖስት ሲጠፋ ምንም አይልም፣ ለቻናል የዲሊት አፕዴት የሚባል ነገር ቦት ላይ የለም። ሰርቨራችሁ ከ24 ሰአት በላይ ከጠፋም ያልተቀበላችሁት ኤዲት በዛው ቀረ፣ ምክንያቱም ቦት ኤፒአይ ላይ ተመልሶ የድሮ ፖስት በቁጥሩ የሚያነብ ትዕዛዝ የለም።

ቴሌቶን የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ግን እንደ ሰው አካውንት ስለሚገባ ሄዶ ይጠይቃል፦

```
msgs = await client.get_messages(ch, ids=[412, 413])
```

የጠፋው ቦታ ላይ `None` ይመጣል፣ አለቀ። ለኤዲት `edit_date`ን ብቻ እንዳታምኑ፣ ሰው ሪአክሽን ሲያደርግም ሊቀየር ይችላል፣ እኔ ስንቴ ተሸውጃለሁ፣ ስለዚህ ጽሁፉን ራሱን ካላንደሩ ላይ ካለው ጋር አወዳድሩ። ደሞ ቴሌቶን ሎጊኑን የሚያስቀምጥበት የሴሽን ፋይል ማለት አካውንቱ ማለት ነው፣ የራሳችሁን ዋና ስልክ ቁጥር አትጠቀሙ በቃ።

እኔ ቴሌቶንን በየሰአቱ አስኬደዋለሁ፣ የመጨረሻ 30 ቀን ፖስቶችን ብቻ። ቦቱን የምጨምረው ዋጋ ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ደንበኛ ሲኖር ነው።