ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ፣ ከማሽኑ ጋር የመጣ ፈቃድ ወይስ ሊኑክስ? በጅማ ላፕቶፕ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

በጅማ መርካቶም ሆነ በፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ራሙና ስለ ባትሪው አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሻጩ «ዊንዶውስና ኦፊስ ተጭኖለታል» ሲለው ግን የተጫነው በምን ፈቃድ እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። ገዥው በተግባር ሦስት ምርጫዎች አሉት፤ አንደኛው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ በማታለል የተከፈተ ዊንዶውስ፣ ሁለተኛው ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣው ፈቃድ፣ ሦስተኛው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውና ያለ ክፍያ የሚሰጠው ሊኑክስ ነው። ሦስቱን የማነጻጽረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ የደኅንነት አፕዴት ወደዚህ ማሽን በምን መንገድ ይደርሳል? ይህን ጥያቄ የመረጥሁት በተገዛበት ቀን ሦስቱም እኩል የሚሠሩ መስለው ስለሚታዩና ልዩነታቸው የሚገለጠው ከወራት በኋላ ስለሆነ ነው።

አፕዴት ማለት አዲስ መልክና አዲስ ቁልፍ ማግኘት ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ የሚያወጣው አፕዴት በዋናነት የተገኙ ቀዳዳዎችን የሚደፍን ነው፤ ቀዳዳው በተደፈነ ቀን ደግሞ የነበረበት ቦታ ለክፉ አሳቢዎችም ይገለጣል፣ ምክንያቱም የተደፈነውን ፋይል ከአሮጌው ጋር አስተያይተው ምን እንደተለወጠ ማየት ይችላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ብዙ አገሮችን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ግንቦት 12 ቀን ሲነሣ፣ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ 59 ቀናት አልፈው ነበር። በእነዚያ ቀናት አፕዴቱን የጫነ ማሽን በዚያ ቀዳዳ አልተደፈረም። ስለዚህ አፕዴቱን የዘጋ ማሽን ጥበቃው ባለበት የቆመ ሳይሆን በየወሩ እየሳሳ የሚሄድ ነው።

ክራኩ ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚጋጨው እንዲህ ነው። በከተማችን በብዛት የሚያጋጥመው ዓይነት፣ ማይክሮሶፍት ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ያዘጋጀውን የፈቃድ አሠራር የሚያስመስል አክቲቬተር ነው። በትክክለኛው አሠራር ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ያሉት መሥሪያ ቤት በራሱ ሰርቨር ላይ ፈቃዱን ያስተዳድራል፤ እያንዳንዱ ማሽንም 180 ቀን የሚቆይ ፈቃድ ተቀብሎ በየ7 ቀኑ ለማደስ ይሞክራል። አክቲቬተሩ የሐሰት ሰርቨር ሆኖ በራስዎ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይም ማሽኑን ባለቤቱ ከማይታወቅ ሩቅ ሰርቨር ጋር ያገናኘዋል። ፈቃዱ በየጊዜው መታደስ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚሄድ ሳይሆን ሁልጊዜ ውስጥ የሚኖር እንግዳ ነው።

ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ይህን እንግዳ ያውቀዋል፤ HackTool:Win32/AutoKMS በሚል ስም ይዞ ያስወግደዋል። ዲፌንደር ሲያስወግደው ፈቃዱ መታደስ ያቆምና ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ «አክቲቬት ያድርጉ» የሚለው ጽሑፍ ይመለሳል። ጫኙ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከሁለት አንዱን፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ያደርጋል፤ አፕዴቱን ይዘጋል፣ አክቲቬተሩ የተቀመጠበትን ፎልደርም ዲፌንደር እንዳይመረምረው ያግዳል። አንዳንዱ ሥራው እንዲቀልለት ሙሉውን የC ድራይቭ ያግዳል፤ ያን ጊዜ አንቲቫይረሱ በስም ብቻ ይቀራል። ለትክክለኛነት ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ፤ በዚህ መንገድ በተከፈተ ዊንዶውስ ላይም ወርኃዊው አፕዴት ብዙ ጊዜ ይወርዳል፣ ይጫናልም። ነገር ግን አፕዴቱና ክራኩ አንዱ ሌላውን ስለሚያፈርሱ ባለቤቱ በመጨረሻ ከሁለቱ አንዱን መተው ይገደዳል።

በፎቶና በዲዛይን ፕሮግራሞች ላይ ግጭቱ ከዚህም የከፋ ነው። በእነዚያ ክራኩ የፕሮግራሙን አንድ ፋይል ቆርጦ በሌላ ይተካል፤ ፋይሉ ሲነካ አምራቹ ያሳረፈበት ዲጂታል ፊርማ ይበላሻል። አፕዴቱ ቢጫን የተተካውን ፋይል በትክክለኛው ይተካውና ፕሮግራሙ ይቆለፋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ እንደገና የሚሠራ ክራክ እስኪያገኝ ድረስ በአሮጌው ላይ ይቆያል።

አንድ የማውቀውን ጉዳይ በዝርዝር ልተርክ። በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተይብ አንድ ጽሕፈት ቤት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ለወራት ያለ እንከን ሠራበት። አንድ ቀን ዲፌንደር አክቲቬተሩን አስወገደው፤ ቆይቶም ኦፊስ ፈቃድ እንደሌለው የሚያሳውቅ ቀይ መስመር ከላይ አወጣ። ተቀጣሪው ልጅ ሥራ እንዳይቆም አስቦ «አዲሱን አክቲቬተር» ከኢንተርኔት ፈልጎ አወረደ። ፋይሉ በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕ ነበር፤ ከጎኑም «ከመክፈትዎ በፊት አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» የሚል መመሪያ ነበረው። ዚፕ በፓስወርድ የሚቆለፈው በማውረድ ላይ ሳለ አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። ልጁ እንደታዘዘው አደረገ።

ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ፋይሎቹ ሁሉ በስማቸው መጨረሻ ላይ ያልታወቁ አራት ፊደላት ተጨምረውባቸው መከፈት እምቢ አሉ፤ በየፎልደሩም _readme.txt የሚባል ፋይል ተገኘ። በውስጡ 980 ዶላር እንዲከፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከፈለ ግን 490 ዶላር እንደሚበቃ ተጽፏል። ይህ ስቶፕ ወይም ጃቩ በመባል የሚታወቀው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ መለያ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ዋና መሰራጫው ክራክና አክቲቬተር ነው። ቫይረሱ ሥራውን ሲጀምር ከራሱ ሰርቨር ጋር መገናኘት ካልቻለ በውስጡ በያዘው የጋራ ቁልፍ ይቆልፋል፤ እንዲህ ከሆነ በነጻ መክፈቻ ፋይሎቹን የማስመለስ ተስፋ አለ። በዚያ ቀን ግን ኢንተርኔቱ ይሠራ ስለነበር ለዚያ ማሽን ብቻ የተዘጋጀ ቁልፍ ወረደ፣ ተስፋውም ተዘጋ። መጠባበቂያ ተብሎ የተያዘው ፍላሽ በማሽኑ ላይ እንደተሰካ ስለነበር አብሮ ተቆለፈ። የተመለሱት በቴሌግራምና በኢሜይል ለተማሪዎቹ ተልከው የነበሩት ጽሑፎች ብቻ ናቸው። ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ የፓስወርድ ሌባ አስከትሎ ስለሚገባ የኢሜይልና የቴሌግራም ፓስወርዶችን ከሌላ ንጹሕ ስልክ መቀየር አስፈለገ።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ማሽኑን ከማጽዳቴ በፊት ፓወርሼል የሚባለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍቼ ይህን ጻፍሁ፦

```
(Get-CimInstance SoftwareLicensingService).OA3xOriginalProductKey
```

የ25 ፊደልና አኃዝ ቁልፍ ወጣ። ያ ላፕቶፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ፈቃዱ በማዘርቦርዱ ውስጥ ተጽፎለት ነበር፤ አንድ ሰው በመካከል ፎርማት አድርጎ ክራክ ጫነበት እንጂ ክራክ የሚያስፈልገው ማሽን አልነበረም። ሁለተኛው ምርጫ ይህ ነው። ከዱባይም ሆነ ከሌላ አገር የሚገቡ፣ ቀድሞ የመሥሪያ ቤት የነበሩ ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ፈቃድ በውስጣቸው አላቸው። ትእዛዙ ባዶ መስመር ከመለሰ ግን በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈ ፈቃድ የለም ማለት ነው። ካለ የሚያስፈልገው ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስን ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው፤ የመጫኛ ፕሮግራሙ ቁልፉን ራሱ ያነብባል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝም ያረጋግጣል። አፕዴቱ ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ግጭት በየወሩ ይመጣል።

ይህ ምርጫ ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ ፈቃዱ የዊንዶውስ እንጂ የኦፊስ አይደለም፤ ኦፊስን ለብቻው መግዛት ወይም ያለ ክፍያ በሚሰጠው ሊብሬኦፊስ መተካት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ዊንዶውስ 10 ነጻ አፕዴት ማግኘቱን ያቆመው ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑትን ይጠይቃል። ስለዚህ 4ኛ ወይም 6ኛ ትውልድ የሆነ ላፕቶፕ እውነተኛ ፈቃድ ቢኖረውም የአፕዴት መንገዱ እያለቀ ነው። ከሱቅ አዲስ ፈቃድ መግዛትም ይቻላል፤ የዊንዶውስ 11 ሆም የአሜሪካ ዋጋ 139 ዶላር ነው፣ በውጭ ምንዛሬ መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል ባይሆንም። በጥቂት ዶላር የሚሸጡትን ቁልፎች አልመክርም፤ ከመሥሪያ ቤቶች የጅምላ ፈቃድ የተወሰዱ ከሆኑ ቆይተው ሊታገዱ ይችላሉ።

ለእነዚያ አሮጌ ላፕቶፖች ሦስተኛው ምርጫ፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት፣ ይሻላል። እትም 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. አፕዴት ያገኛል፣ በ4 ጊጋባይት ራምም በምቾት ይሠራል። ፈቃድ የሚሰበርበት ስለሌለ አፕዴቱን የሚዘጋበት ምክንያት የለም፤ እያንዳንዱ የፕሮግራም ፓኬጅ ከመጫኑ በፊት በዲጂታል ፊርማ ከተረጋገጠ ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ለመተየብ፣ ለኢሜይልና ለኢንተርኔት ሥራ ይበቃል፣ በግእዝ ፊደል መጻፍም ይቻላል። ነገር ግን ፒችትሪና ፓወር ግእዝ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ናቸው፤ የሂሳብ መዝገቡን በፒችትሪ የሚይዝ ቡና አቅራቢ ወደዚህ ምርጫ መሄድ የለበትም፣ እርሱ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፈቃድ ያለው ላፕቶፕ ይፈልግ። ክራክን በተመለከተ ከቴክኒኩ ሌላ ሕጉም አለ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው፣ ድርጅት ያለው ሰው ይህንንም ይመዝን።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በሻጩ ፊት ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛው ከላይ የጻፍሁት የቁልፍ ትእዛዝ ሲሆን ሁለተኛው ይህ ነው፦

```
slmgr /dlv
```

በሚከፈተው መስኮት ውስጥ VOLUME_KMSCLIENT የሚል ካዩና ላፕቶፑ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ሆኖ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘ ካልሆነ፣ ዊንዶውሱ በአክቲቬተር የተከፈተ ነው ብለው ይያዙት። OEM_DM ከማሽኑ ጋር የመጣ ፈቃድን ያመለክታል። RETAIL የሚለው ብቻውን አያረጋግጥም፣ በማታለል የተገኘ ፈቃድም እንዲሁ ሊታይ ይችላልና። ከዚያ የዲፌንደርን ቅንብር ከፍተው Exclusions የሚለውን ይዩ፤ እርስዎ ያላስገቡት ፎልደር፣ ይልቁንም ሙሉ C:\ ተጽፎ ካገኙ ዋጋውን የሚደራደሩት ዊንዶውሱ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ እንደሚጫን አስበው ይሁን።