«120 ዲግሪ» የተባለው ድስት ፒያሳ ላይ 116 ነው፦ የፕሬዠር ኩከር ግምገማ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የዚህ ባለ 6 ሊትር አሉሚኒየም ፕሬዠር ኩከር ጥፋት አንድ ነው፤ ሽምብራ። መመሪያው «ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ፒያሳ ላይ በ15 ደቂቃ የሚወጣው ሽምብራ ግን ላዩ ለስልሶ ልቡ ያልበሰለ ነው፤ ለሁለት ሲከፈል መሃሉ ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ነጥብ ይታያል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳያዛንፍ እንዲሁ ነው። ስለ እጀታው፣ ስለ ክዳኑና ስለ አጣጠቡ ብዙ የሚወራ የለም፤ ደህና ናቸው።

ድስቱን ይዞ ወደ ሱቅ ለሚመለስ ሰው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ጎሚኒው ይሆናል፣ ቀይረው።» ኧረ ቆይ! ጎሚኒ ሲበላሽ ምልክቱ ሌላ ነው። በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት ይወጣል፣ ጠብታ በድስቱ ጎን ይንጠባጠባል፣ ላዩ ላይ የሚቀመጠው ማፏጫ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ማፏጫው ተነሥቶ ካፏጨ ግን ውስጡ የሚፈለገው ግፊት ደርሷል ማለት ነው፤ ጎሚኒው ሥራውን ሠርቷል። ማፏጫው አልነሣ ሲል እንኳ ጎሚኒውን ከመክሰስ በፊት ምድጃውን ማየት ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ የባሰ ይወርዳል። መስመሩ ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ባለ 1500 ዋት ምድጃ 1000 ዋት ብቻ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው እንፋሎት ትንሽ ስለሆነ ሌላ ቀን የማትታወቅ ቀጭን ሽንቁር እንኳ ግፊቱን ልታስቀር ትችላለች።

የዚህኛው ድስት ማፏጫ ግን በደንብ ይነሣል፤ ሽምብራውም ጥሬ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ሻጩ «ይሄ 120 ዲግሪ ይገባል» ብሎ ነው የሸጠው። አልዋሸም፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሱቅ ቢኖረው ኖሮ ልክ ነበር። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ወደ ውጭ የሚገፋበት ጉልበት ከላይ ከሚጫነው አየር ጋር ሲተካከል ነው። ከዚያ በፊት ታች ላይ ሊፈጠር የሚሞክረውን አረፋ ከላይ ያለው ጫና ጨፍልቆ ያጠፋዋል። ጅቡቲ ባሕር ወለል ላይ ስለሆነች ከላይ የሚጫናት አየር ሙሉ ነው፤ አንድ አትሞስፌር እንበለው፤ ውሃዋም በ100 ዲግሪ ይፈላል። መሃል አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የሚጫናት አየር የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ ቶሎ ያሸንፋል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱ ቢጨመር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከ92 ፈቀቅ አይልም፤ የተጨመረውን ሙቀት እንፋሎቱ ይዞት ይሄዳል። በክፍት ድስት ባቄላ የሚያስቸግረን ከዚህ ነው።

ፕሬዠር ኩከር የሚያደርገው እንፋሎቱን አፍኖ ጫናውን መጨመር ነው። ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነው ያቺ ማፏጫ ናት፤ አሠራሯ እንደ ሚዛን ነው። ለምሳሌ 80 ግራም የምትመዝን ማፏጫ 3.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ላይ ብትቀመጥ፣ የቀዳዳው አፍ 0.08 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ጭናለች ማለት ነው። ይህም ወደ አንድ አትሞስፌር ይጠጋል። ከውስጥ የሚገፋው ከዚህ ሲበልጥ ትነሣለች፣ ትርፉን ታስተነፍሳለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን በ1679 እ.ኤ.አ. ለፈለሰፈው የእንፋሎት ድስት በኋላ ያበጀለት መላም ይኸው ነበር፤ ቀዳዳ ላይ የተጫነ ክብደት።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማፏጫዋ የት እንደተቀመጠች አታውቅም፤ ጅቡቲም ፒያሳም 80 ግራም ናት። የምትጨምረው አንድ አትሞስፌር ነው፤ የምትጨምረው ግን በአካባቢው አየር ላይ ነው። ጅቡቲ ላይ አንድ ሲደመር አንድ ሁለት ይሆናል፣ ውሃውም 120 ዲግሪ ይደርሳል። ፒያሳ ላይ ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ፣ አንድ ከሦስት አራተኛ ነው፤ ውሃው 116 ላይ ይቆማል። የጎደሉት 4 ዲግሪዎች ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ከጣሪያው በላይ ያለው አየር ውስጥ ናቸው።

«አራት ዲግሪ ምን ታመጣለች?» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ታመጣለች። ጥራጥሬ የሚለሰልሰው ሴሎቹን አጣብቆ የያዘው ማያያዣ ሲሟሟና ውስጡ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው። የዚህ ዓይነት ለውጥ ፍጥነት፣ ለወጥ ቤት በሚበቃ ግምት፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሂሳብ የ4 ዲግሪ ጉድለት ጊዜውን በ30 በመቶ ገደማ ያስረዝመዋል። የመመሪያው 15 ደቂቃ እዚህ 20 ደቂቃ ነው። በ20 ደቂቃ ሲወጣ ያ ነጭ ነጥብ የለም፤ ሽምብራው በሁለት ጣት ሲጫን ይፈርጣል፣ ቆዳው ግን አይላጥም። ዘጠኝ ወር የተወራበት ጉድ አምስት ደቂቃ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ «መልሼ ልሽጠው» የሚያሰኘው ስሜት ይገለበጣል። ይኸው ሽምብራ ጅቡቲ ላይ በክፍት ድስት 1 ሰዓት ይፈጃል እንበል። በፕሬዠር 15 ደቂቃ ነው፤ አራት እጥፍ ፈጠነ፣ ከ100 ወደ 120 ስለዘለለ። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት፣ በ92 ዲግሪ፣ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። በፕሬዠር 20 ደቂቃ ነው፤ ከአምስት እጥፍ በላይ ፈጠነ፣ ምክንያቱም ዝላዩ 20 ሳይሆን 24 ዲግሪ ነው። ድስቱ እዚህ ከመመሪያው ይዘገያል፤ የሚያተርፈው ጊዜ ግን እዚህ ይበልጣል። ሻጩ መናገር የነበረበት ይህንን ነበር፤ እሱ ግን ስለ እጀታው ማማር ሲያወራ ዋለ።

20 ደቂቃው የሚሠራው ግን ቆጠራው በትክክል ከተጀመረ ነው። ግማሽ ኪሎ ሽምብራ አዳሩን ውሃ ጠጥቶ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ከ1.5 ሊትር ውሃ ጋር ሲገባ ድስቱ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ጥራጥሬ አረፋ ስለሚያወጣ ከግማሽ ማለፍ የለበትም። ክዳኑ ያለ ማፏጫው ይገጠምና በቀዳዳው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እንዲወጣ ይተዋል። ይህን የሚዘል ብዙ ነው። ውስጥ የቀረ አየር ከግፊቱ ድርሻውን ይወስዳል፤ ማፏጫዋ ትነሣለች፣ የእንፋሎቱ ድርሻ ግን ስለሚያንስ ሙቀቱ 116 አይሞላም። አየሩ ሲወጣ ማፏጫዋ ትደረጋለች። ቆጠራው ድስቱ ከተጣደበት ሳይሆን ማፏጫዋ መጀመሪያ ከተነሣችበት ነው። የፉጨት ቁጥር መቁጠርም አያስኬድም፤ ኃይለኛ እሳት ላይ አሥር ጊዜ የምታፏጭበት ጊዜ ቀስ ባለ እሳት ላይ ለሦስት ፉጨት ላይበቃ ይችላል፤ ሽምብራው ግን የሚያውቀው ደቂቃውን ነው።

ከተነሣች በኋላ እሳቱ አልፎ አልፎ እስክትተነፍስ ድረስ ይቀነሳል። እሳት መጨመር እዚህም እንደ ክፍቱ ድስት ነው፤ ማፏጫዋ ትርፉን ስለምታወጣው 116 ያው 116 ነው፤ የሚቀንሰው ውሃው ነው፣ ሲያልቅም ታቹ ያርራል። «ታዲያ ማፏጫዋ ላይ ክብደት ጨምረን አራቱን ዲግሪ እናምጣ» የሚል ብልጥም ተገኝቷል። በፍጹም! የድስቱ ግድግዳ የሚሸከመው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ የተሠራውም ለማፏጫዋ ልክ ነው። ሴፍቲ ቫልቩ ያለው ለዚህ ዓይነት ብልጠት ነው።

የቀረው አከፋፈቱ ነው። 20 ደቂቃው ሲሞላ ማፏጫዋን ብድግ የሚያደርግ ሰው ንፍሮውን ያበላሻል። ውስጥ ያለው ውሃ 116 ዲግሪ ነው፤ ጫናው በአንዴ ሲነሣ ግን ከ92 በላይ መሆን አይችልም። ትርፉ ሙቀት ከ1.5 ሊትሩ ውስጥ 65 ግራም ያህሉን ወዲያው እንፋሎት ያደርገዋል። ያ ማለት ከ140 ሊትር በላይ እንፋሎት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ሰባት ጄሪካን በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ። ሽምብራው ራሱም ውስጡ ስለሚፈላ ቆዳው ይፈነዳል፣ አረፋው ቀዳዳውን ይዘጋዋል፣ ግድግዳው በቢጫ ውሃ ይረጫል። ከእሳት አውርዶ በራሱ እስኪበርድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መተው ነው። ማፏጫዋ ስትነካ ዝም ካለችና ክዳኑ ሳይታገል ከተፈታ ይከፈታል።

ለወጥ ቁሌት ይህ ድስት አይሆንም፤ ሽንኩርት ውሃውን መጣል አለበት፣ የታፈነ ድስት ደግሞ ውሃ አያስወጣም። ለሽምብራ፣ ለባቄላ፣ ለቦሎቄና ለቅቅል ግን ከቤት አይወጣም። መመሪያው ላይ ያለው 15 በእስክሪብቶ ተሰርዞ 20 ተጽፎበታል።